አዳራሹ ሞልቶ እንዴት ከሰርን?

አዲስ አበባ ውስጥ ኮንሰርት ለማዘጋጀት ያሰበ ሰው ሲደውልልኝ መጀመሪያ የምጠይቀው «ማን ይዘፍናል?» ብዬ አይደለም። «ኧርሊ በርድ ስንት ትኬት ነው የምትሸጡት?» እላለሁ፤ ቀድሞ ለሚገዛ ሰው በቅናሽ የሚሸጠውን ትኬት ማለቴ ነው። አብዛኞቹ የሚመልሱልኝ ቀን ነው። «እስከ ወሩ መጨረሻ» ይሉኛል። እኔ የጠየቅኩት ግን ቁጥር ነው። እኔና ጓደኛዬ ያዘጋጀነው የመጀመሪያው ትልቅ ዝግጅት የተበላሸው እዚችው ላይ ነው። ይህንን የምጽፈውም ለአዳራሽ ገና ቀብድ ላልከፈሉ ሰዎች ነው።

ዝግጅቱ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ኮንሰርት ነበር፤ ጳጉሜን 5 ማታ። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። በማግስቱ ቪዲዮውን ያየ ሁሉ «በቃ ሀብታም ሆናችሁ» እያለ ደወለልን። ሂሳቡ ሲዘጋ ግን 117 ሺህ ብር ጎደለብን። ሰው ቀርቶብን ቢሆን ኖሮ ይገባን ነበር። ሰው ሞልቶ መክሰር ግን ለማንም ማስረዳት የማይቻል ነገር ነው። እኛ ራሳችን እንኳን የገባን ቆይቶ ነው።

ከመጀመሪያው ልጀምር። አዳራሹን ለማየት ስንሄድ ሥራ አስኪያጁ «700 ሰው ይይዛል» አሉን። ውሸት አልነበረም። ባዶ አዳራሽ ውስጥ ሰው ቢያቆሙ 700 ይገባል። እኛ ግን ባንድ ይዘን ስለምንመጣ መድረኩ ወደፊት ይረዝማል። የሳውንድ ባለሙያው ጠረጴዛ መሀል ላይ ይቀመጣል፣ ከመድረኩ ፊት አጥር ይቆማል፣ መጠጥ የሚሸጥበት አንድ ጥግ ይይዛል፣ የመውጫ በሮቹ ፊት ደግሞ ክፍት መሆን አለበት። እነዚህ ሁሉ ተደማምረው የ90 ሰው ቦታ በሉ። ቀረ 610። ከዚያ ላይ ነፃ ትኬት አለ። ዘፋኞቹ እንግዳ ይጋብዛሉ፣ ስፖንሰሩ በውሉ ላይ ድርሻውን ጽፏል፣ ጋዜጠኛና የሬዲዮ ሰው ይመጣል፣ ዘመድም አይጠፋም። እኛ ጋ 60 ደረሰ። ስለዚህ በገንዘብ ልንሸጠው የምንችለው ቦታ 550 ብቻ ነበር። ይህንን 550 የሚባል ቁጥር የተረዳነው ፖስተሩ ከተለጠፈ በኋላ ነው።

ለእናንተ የምለው፦ አዳራሽ ስትከራዩ «ስንት ይይዛል?» ብላችሁ ብቻ አትመለሱ። የሳውንድና የመድረክ ባለሙያውን ይዛችሁ ሂዱ። ዕቃው የት እንደሚቀመጥ ወለሉ ላይ በኖራም ሆነ በፕላስተር ያስምር። ከዚያ የተረፈውን ቦታ ቁጠሩ። ከእናንተ በፊት እዚያ ባንድ ያስጫወተ አዘጋጅ ካወቃችሁ ደግሞ በር ላይ ስንት ሰው ሲገባ መጨናነቅ እንደጀመረ ጠይቁት። የአዳራሹ ሰው የማይነግራችሁን እሱ ይነግራችኋል።

አሁን ወደ ብሩ። አዳራሹ፣ ሳውንዱና መብራቱ፣ ኤልኢዲ ስክሪኑ፣ ዘፋኞቹና ባንዱ፣ ማስታወቂያው፣ ጥበቃው፣ ጄኔሬተሩ፣ ሁሉም ተደምሮ 680 ሺህ ብር ነበር። ይህ ገንዘብ አንድ ሰው መጣ ወይም 600 ሰው መጣ የማይቀየር ነው። ቋሚ ወጪ የሚባለው እሱ ነው። ከዚህ ውጪ በእያንዳንዱ ትኬት ላይ የምታጡት ትንሽ ገንዘብ አለ፤ ለሚሸጥላችሁ ሱቅ ኮሚሽን፣ ለእጅ ማሰሪያው፣ ለኅትመቱ። እኛ ጋ በአማካይ በሰው 100 ብር መጣ።

ዋጋውን እንዲህ ነበር ያወጣነው። ኧርሊ በርድ 1,150፣ መደበኛው 1,725፣ በር ላይ 2,300። እዚህ ጋ አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ፖስተር ላይ የተጻፈው ዋጋ ቫት ያለበት ነው። ቫቱ 15 በመቶ ስለሆነ የእናንተን ድርሻ ለማወቅ ዋጋውን በ1.15 ታካፍላላችሁ። 1,150 ውስጥ የእናንተ 1,000 ብር ነው። ከ1,725 ውስጥ 1,500፣ ከ2,300 ውስጥ 2,000። ከዚያ በሰው 100 ብሯን ስትቀንሱ እጃችሁ ላይ የሚቀረው 900፣ 1,400 እና 1,900 ነው። ከዚህ በኋላ ትርፍና ኪሳራችንን ስቆጥርላችሁ የምጠቀመው እነዚሁን እጅ ላይ የሚቀሩትን ነው። ፖስተር ላይ ባለው ዋጋ ሂሳብ የሚሠራ አዘጋጅ ገና ከጅምሩ ራሱን እያታለለ ነው።

እኛ ግን ያኔ የሠራነው ሂሳብ በጣም አጭር ነበር። 700 ሲባዛ በ1,500፣ አንድ ሚሊዮን ሃምሳ ሺህ። ከዚያ ላይ 680 ሺህ ሲቀነስ 370 ሺህ ትርፍ። ጓደኛዬ ይህንን በስልኩ ሒሳብ ማሽን አሳየኝና ሁለታችንም ደስ ብሎን ወጣን። ሦስት ዓይነት ዋጋ አውጥተን ስናበቃ ሂሳቡን የሠራነው በመሀለኛው ብቻ ነው። «ርካሹና ውዱ ይቻቻላሉ» ብለን ነበር። የሚቻቻሉት ግን እኩል ቁጥር ከተሸጡ ነው። እኩል ሊሸጡ ደግሞ አይችሉም፤ ሰው ርካሹን ይመርጣላ!

ኧርሊ በርዱን ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ከፈትን። መዝጊያው ሐምሌ 30 ነው ብለን ፖስተሩ ላይ ጻፍን። በቁጥር አልገደብነውም። ዝናብ ነው፣ ጾሙም ሊገባ ነው፣ ሰው ስለ ጳጉሜን ገና አላሰበም። መጀመሪያ ላይ ትኬቱ ቀስ እያለ ነበር የሚሄደው፤ በመጨረሻዎቹ ቀናት ግን ስልካችን ዕረፍት አጣ። ሐምሌ 30 ላይ 210 ትኬት ተሸጦ ነበር።

እዚህ ጋ ነው ነገሩ የተበላሸው። ለዘፋኞቹ የሁለተኛ ዙር ክፍያ ደርሶብናል፣ የእጅ ገንዘብ አንሶናል። ቴሌግራም ላይ «በብዙዎች ጥያቄ መሠረት ኧርሊ በርድ እስከ ነሐሴ 16 ተራዝሟል» ብለን ለጠፍን። የብዙዎች ጥያቄ አልነበረም፤ የእኛ ጭንቀት ነበር። ጾሙ እስኪፈታ ድረስ እንጠብቅ ብለን ነው። ከተራዘመ በኋላ 170 ትኬት ተጨመረ። በቴሌብር ገንዘቡ ሲገባ ድምፁን መስማት ደስ ይል ነበር። ከእነዚህ ውስጥ ጥቂቶቹ ከነሐሴ 16 በኋላም የተሸጡ ናቸው። ሁለት ሱቆች ጋ የቀረ የኧርሊ በርድ ትኬት ነበረ፤ ሄደን አልሰበሰብንም፣ ባለሱቆቹም በአሮጌው ዋጋ መሸጣቸውን ቀጠሉ። የነሱ ጥፋት አይደለም። እጃቸው ላይ ያለው ወረቀት 1,150 ይላል።

በድምሩ 380 ኧርሊ በርድ።

ማራዘም ሌላም ጉዳት አለው። ሐምሌ 29 ላይ ተጣድፎ የገዛው ሰው «ታዲያ ምን አስቸኮለኝ» ይላል። ያልገዛው ደግሞ «እነዚህ ሰዎች እንደገና ያራዝማሉ» ብሎ ይጠብቃል። ከነሐሴ 17 በኋላ መደበኛውን ስንከፍት «ኧርሊ በርድ መቼ ነው የሚመለሰው?» ብለው የጻፉልን ሰዎች ነበሩ። ዋጋው ከፍ ማለቱን ማንም አላመነም። በዚያ ላይ ጊዜውን አስቡት። ነሐሴ መጨረሻና ጳጉሜን የአዲስ አበባ ሰው ኪስ የሚራቆትበት ወቅት ነው። የትምህርት ቤት ምዝገባ አለ፣ ደብተርና ዩኒፎርም አለ፣ በዚያ ላይ የበዓሉ ዶሮና ቅቤ። ቤተሰብ ያለው ሰው በዚያ ሳምንት 1,725 ብር ለትኬት አውጣ ሲባል ሁለቴ ያስባል። መደበኛው ትኬት በሙሉ ጊዜው 90 ብቻ ተሸጠ።

ቀረን በሩ። «በር ላይ 200 ሰው ይመጣል» እያልን ነበር የምንጽናናው። ይህንን ቁጥር ከየት እንዳመጣነው እስካሁን አላውቅም። የበዓል ዋዜማ ነው፣ የአዲስ አበባ ሰው ደግሞ የሚወስነው በመጨረሻው ሰዓት ነው ብለን ነው። መወሰኑስ እውነት ነው። ግን ዝናብም በመጨረሻው ሰዓት ይወስናል። ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ወረደ። ከዝናቡ በኋላ የመጡትም ዋጋውን ሲሰሙ ይቆማሉ። አንድ ትልቅ ሰው ከሦስት ጓደኞቻቸው ጋር መጥተው «የኔ ልጅ፣ ትናንት በ1,725 ነበር አይደል? ዛሬ ምን ተጨመረበት?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ለአራት ሰው ልዩነቱ 2,300 ብር ነው፤ አንድ ሙሉ ትኬት ማለት ነው። ትንሽ ተነጋግረው ወደ መኪናቸው ተመለሱ። በዚያ ማታ በር ላይ የሸጥነው 50 ትኬት ነው።

አሁን ደምሩት። የከፈለ ሰው 520፣ በነፃ የገባ 60፣ በድምሩ 580 ሰው። 610 በሚይዝ ቦታ ላይ 580 ሰው ማለት ሙሉ ነው። ፎቶውም ያንን ነው የሚያሳየው። ብሩ ግን እንዲህ ነው፦ ከኧርሊ በርድ 342 ሺህ፣ ከመደበኛው 126 ሺህ፣ ከበሩ 95 ሺህ። 563 ሺህ። ወጪያችን 680 ሺህ።

እኛ ለረጅም ጊዜ ዝናቡን ስንረግም ነበር። ነገሩን የገለጠችልን ሂሳብ ሠራተኛዋ ታላቅ እህቴ ናት። ደረሰኞቹን ይዤላት ሄድኩ። ገና ትኬቱን በየዓይነቱ እንደቆጠረች ብዕሯን አስቀመጠችና «አንተ፣ ዝናቡን ተወው። ይሄ ነገር ነሐሴ 16 አልቋል» አለችኝ።

እንዲህ አስረዳችኝ። ኧርሊ በርዱ ሲዘጋ እጃችን ላይ 342 ሺህ ነበር። ወጪውን ለመሸፈን 338 ሺህ ይቀረናል። ሊሸጥ የሚችለው ቦታ 550 ሆኖ 380ው ተሸጧል፤ የቀረን 170 ቦታ ነው። 338 ሺህን ለ170 ስናካፍል በሰው 1,988 ብር ይመጣል። የእኛ ውዱ ትኬት፣ የበሩ፣ እጃችን ላይ የሚተወው 1,900 ነው። ስለዚህ ሰማዩ ጠርቶ፣ መደበኛ ትኬት አንድም ሳይሸጥ፣ የቀሩት 170ዎቹ ሁሉ በር ላይ በውዱ ዋጋ ቢገዙን እንኳን 15 ሺህ ብር እንከስር ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ የለጠፍነው ፖስተር፣ ያስነገርነው የሬዲዮ ማስታወቂያ ሁሉ ሊያተርፈን የማይችል ነገር ላይ የወጣ ነው።

ይህንን ስሰማ መጀመሪያ የተሰማኝ ንዴት ነው። ምክንያቱም ሂሳቡ የሁለት ደቂቃ ነው። ነሐሴ 16 ማታ ብንሠራው ቢያንስ ስክሪኑን እንቀንስ ነበር፣ ወይም የነፃ ትኬቱን እንገድብ ነበር። ስለዚህ የትኬት ሽያጭ ላይ ያላችሁ ሰዎች፣ በየሳምንቱ ይህችን አንዲት ሂሳብ ሥሩ። ለወጪ የሚቀረኝ ስንት ነው? ሊሸጥ የሚችል ቦታ ስንት ቀረኝ? አካፍሉት። የሚመጣው ቁጥር መደበኛው ትኬት እጃችሁ ላይ ከሚተወው በላይ ከሆነ ገና ጊዜ ሳለ ወጪ ቀንሱ። የበሩ ከሚተወውም በላይ ከሆነ ግን ትኬት በመሸጥ ብቻ አትወጡትም። የስፖንሰር ገንዘብ ካላገኛችሁ ወይም ወጪው ካልተቀነሰ ኪሳራው ተቆርጧል።

ሁለተኛውን ዝግጅት ያደረግነው እዚያው አዳራሽ ነው። ጥር ላይ፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ ዐቢይ ጾም ሳይገባ። ዝናብ የለም፣ የትምህርት ቤት ክፍያም አይደለም። ቀኑን መምረጥ ራሱ ግማሽ ሥራ ነው፤ ጾም ውስጥ ኮንሰርት ለማድረግ የሚያስብ ካለ ግን ከወዲሁ ይተወው እላለሁ።

ዋጋውን ከማውጣታችን በፊት መጀመሪያ ወጪውን ቀነስን። አንድ ዘፋኝ ቀንሰን 80 ሺህ፣ ስክሪኑን አሳንሰን 40 ሺህ፣ በድምሩ 120 ሺህ ወረደ። ቋሚ ወጪው 560 ሺህ ሆነ። ነፃ ትኬቱን ደግሞ 30 ላይ ቆለፍነው። ለእያንዳንዱ ዘፋኝ «እንግዳህ ሁለት ነው፣ ከዚያ በላይ ከክፍያህ ይታሰባል» ብለን ውሉ ላይ ጻፍን። አኮረፉ፣ ግን ፈረሙ። ሊሸጥ የሚችለው ቦታ ወደ 580 ከፍ አለ።

ከዚያ እህቴ ከኋላ እንድንጀምር አደረገችን። ደንቡ እንዲህ ነው፦ ቋሚ ወጪው የዝግጅቱ ቀን ሳይደርስ፣ በቅድሚያ በሚሸጠው ትኬት ብቻ መሸፈን አለበት። በሩ ለወጪ አይታሰብም። ከበሩ የሚገኘው ትርፍ ነው፣ ከመጣ። ቀጥላ «በቅድሚያ ስንት ሰው በእርግጠኝነት ትሸጣላችሁ?» አለችን። ባለፈው 470 ሸጠን ነበር፤ ግን አብዛኛው በርካሽ ነው። ዋጋው ሲጨምር ሰው ስለሚቀንስ 400 ብለን ያዝን። ከ580ው ወደ 70 በመቶ የሚጠጋ ማለት ነው። 560 ሺህ ለ400 ሲካፈል 1,400። ስለዚህ በቅድሚያ የሚሸጠው ትኬት በአማካይ እጃችን ላይ 1,400 ብር መተው አለበት።

መደበኛውን 1,500 እንዲተው አድርገን አወጣን፤ ፖስተር ላይ 1,840 ማለት ነው። ኧርሊ በርዱን 1,100 እንዲተው፤ ፖስተር ላይ 1,380። አሁን ዋናው ጥያቄ መጣ፦ ስንት ኧርሊ በርድ መሸጥ አቅማችን ይፈቅዳል? አሠራሩ ቀላል ነው። 400ውም ሰው በመደበኛው ቢገዛ 600 ሺህ ይገባል። ከወጪያችን የሚተርፈው 40 ሺህ ነው። ለቅናሽ ልናወጣው የምንችለው ገንዘብ ያ 40 ሺህ ብቻ ነው። አንድ ኧርሊ በርድ በሸጥን ቁጥር ከመደበኛው 400 ብር እናጣለን። 40 ሺህን ለ400 ስናካፍል 100። ስለዚህ ኧርሊ በርድ 100 ትኬት ነው። 101ኛው የለም።

ይህንኑ ሂሳብ ወደ መጀመሪያው ኮንሰርት ብትወስዱት አስደንጋጭ ነው። 550ውም ቦታ በመደበኛው ዋጋ ቢሸጥ 770 ሺህ፤ ከወጪው የሚተርፈው 90 ሺህ። አንድ ኧርሊ በርድ 500 ብር ያሳጣን ነበር። 90 ሺህ ለ500፣ 180። አዳራሹ እስከ መጨረሻው ወንበር ቢሸጥልን እንኳን አቅማችን የፈቀደው 180 ነበር። የሸጥነው 380።

የበሩን ዋጋ 2,185 አደረግነው። ከመደበኛው ያለው ልዩነት 345 ብር ነው፤ ባለፈው 575 ነበር። የበሩ ዋጋ ሥራው ሰውን በጊዜ እንዲገዛ መግፋት ነው፤ በር ድረስ የመጣን ሰው ማባረር የለበትም። ታክሲ ተሳፍሮ፣ ለብሶ፣ ጓደኞቹን ይዞ የመጣ ሰው ትንሽ ጭማሪ ይከፍላል፣ ያጉረመርማል እንጂ አይመለስም። ደግሞ ሦስቱንም ዋጋ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ፖስተሩ ላይ ጎን ለጎን ጻፍናቸው። «ትናንት እንዲህ ነበር» የሚል ክርክር ቀረ። በር ላይ ለሚሸጡት ልጆች ደግሞ ዋጋ የመቀነስ ሥልጣን አልሰጠንም። አንዴ ለአንዱ ከተቀነሰ ወሬው እስከ ሰልፉ ጫፍ ይደርሳል።

ኧርሊ በርዱን ስንከፍት የቀረውን ቁጥር ቴሌግራም ላይ እየጻፍን ነበር። «62 ቀርቷል»፣ «20 ቀርቷል»። መቶኛው ሲሸጥ ወዲያው ዘጋን። የአክስቴ ልጅ ሳትቀር «ለኔ እንኳን አምስት አታስቀርም?» ብላ ተቆጣችኝ። አላስቀረሁም። የሚገርመው ግን በተዘጋ ማግስት መደበኛው ወዲያው መሸጥ ጀመረ። ሰው የተባለው ቁጥር እውነት መሆኑን ሲያይ መጠበቁን ይተዋል።

ሱቆቹን በተመለከተ፣ ለእያንዳንዱ ዋጋ የተለያየ ቀለም ያለውና ተራ ቁጥር የታተመበት ትኬት አሠራን። አንዱ ዋጋ ሲዘጋ በዚያኑ ቀን ዞረን የቀረውን እንሰበስባለን፣ የተሸጠበትን ብር እንቀበላለን። ከዝግጅቱ አንድ ቀን በፊት ማታ ደግሞ ሱቅ ውስጥ አንድም ትኬት እንዳይቀር እናደርጋለን። ይህ ካልተደረገ በር ላይ ስንት መሸጥ እንደምትችሉ አታውቁም፤ ነገ ጠዋት ሱቁ ሊሸጣቸው የሚችላቸውን ትኬቶች እናንተም በር ላይ ደግማችሁ ልትሸጡ ትችላላችሁ። በቅድሚያ የገዛ ሰው ሳይመጣ ቢያመሽም ቦታው የሱ ነው። «አልመጡምና በቦታቸው እንሽጥ» የሚል ፈተና ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ይመጣል። አታድርጉት። የኛ ሰው 4 ሰዓት ላይ በቡድን ነው የሚመጣው። ያኔ አዳራሹ ከአቅሙ በላይ ይሆናል፣ መተላለፊያው ይዘጋል፣ ጥበቃዎቹም ትኬት የያዘ ሰው ለመመለስ ይገደዳሉ።

በስልክ ኪውአር ለገዙትም አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ስክሪንሾት ተነስቶ ለጓደኛ ይላካል፤ ስካነሩ መጀመሪያ የመጣውን ያስገባና ሁለተኛውን ይመልሳል። የተመለሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ራሱ የገዛው ነው። ከትኬቱ ጋር የገዢው ስልክ ቁጥር ተመዝግቦ በር ላይ መታየት አለበት። ጥሉ በአንድ ደቂቃ ያልቃል።

ውጤቱን ልንገራችሁ። ኧርሊ በርዱ 100፣ መደበኛው 270፣ በሩ 85። ከታሰበው 400 ቅድመ ሽያጭ 30 ጎደለን፤ ስለዚህ በሩ ሲከፈት ገና 45 ሺህ ይቀረን ነበር። ያቺን ማታ ትንሽ ሆዴ ተላውሷል። ከበሩ 153 ሺህ ገባ። ሁሉም ተከፍሎ 108 ሺህ ተረፈን። አዳራሹ ውስጥ ከነነፃዎቹ 485 ሰው ነበር። ከባለፈው በ95 ያነሰ ነው። ፎቶው ላይ ከኋላ ክፍት ቦታ ይታያል፣ አንዳንድ ሰውም «ዘንድሮ ሰው ቀረባችሁ» ብሎ አጽናንቶናል። እኛም አመስግነን ዝም አልን።

ስለ ኧርሊ በርድ ገንዘብ አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ብዙ አዘጋጅ የሚወድቅበት ነው። ያ ገንዘብ ዝግጅቱ እስኪካሄድ ድረስ የእናንተ አይደለም። ፈቃድ ቢዘገይ፣ ዘፋኙ ቢታመም፣ ቀኑ ቢቀየር ይመለሳል። እኛ በመጀመሪያው ዙር የዘፋኞቹን ቀብድ የከፈልነው በሱ ነበር። ቀኑ ቢሰረዝብን ኖሮ ለ380 ሰው የምንመልሰው ገንዘብ አልነበረንም፤ ዘፋኙ ደግሞ ቀብድ አይመልስም። በሁለተኛው ግን ለቀብዱ የሚሆነውን ከራሳችን አዋጥተን ጀመርን፣ የትኬቱን ገንዘብ ለብቻው በተከፈተ ሂሳብ አስቀመጥነው። ለቀብድ የሚሆን ገንዘብ ከሌላችሁና ኧርሊ በርዱን የምትፈልጉት ለዚያ ብቻ ከሆነ፣ ዝግጅቱ አሁን ላይ ከአቅማችሁ በላይ ነው ማለት ነው። እኛን ወደ ማራዘም የገፋን ያው ጉዳይ ነበር።

በመጨረሻ የቡድን ትኬት የሚጠይቋችሁ ይኖራሉ። የመሥሪያ ቤት ሰዎች፣ የድሮ ተማሪዎች ማኅበር፣ የልደት ጓደኞች። «አሥር እንገዛለን፣ የስምንቱን እንክፈል» ይላሉ። ጥሩ ነው፣ ሰው በጅምላ ያመጣሉ። ግን ይህ ስሙ የተቀየረ ኧርሊ በርድ ነው። ለአሥር ሰው የስምንት ሰው 1,840 ስትቀበሉ፣ ቫቱና የሰው 100 ብሩ ሲወጣለት በአንድ ሰው 1,180 ነው የሚተርፋችሁ። ስለዚህ ከዚያው ከ40 ሺሁ የቅናሽ ገንዘብ ላይ ይቆረጣል፤ ለአሥሩ 3,200 ብር። ኧርሊ በርዱ 100 ሞልቶ ከተዘጋ በኋላ የሚመጣ ቡድን ካለ እኔ የምላቸው «ዋጋው መደበኛው ነው፣ ግን ከመድረኩ አጠገብ አንድ ላይ የምትሆኑበት ቦታ እይዝላችኋለሁ» ነው። አብዛኞቹ ይስማማሉ። ቦታ መያዝ ገመድና አንድ አስተናጋጅ ብቻ ነው የሚፈልገው።